የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለደም ግፊት ታካሚ ጨው ሳይገባ ድርሻውን ቀድሞ ማውጣት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።»

ቀድሞ ማውጣቱ ትክክል ነው። ችግሩ ጨው ቀድሞ የገባበት ቅመም ነው። ወሎ ውስጥ በርበሬም ሆነ ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው አብሮ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። በዚያ በርበሬ የተሠራ ወጥ ከጨው ቀድሞ ቢወጣም ጨው አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

ደሴ ላይ ለ120 ሰው ምሳ ይሠራል እንበል፤ 20ዎቹ ጨው የተቀነሰላቸው ናቸው። ለአንድ ሰው 70 ግራም ደረቅ ክክ ብንይዝ 8.4 ኪሎ ይሆናል። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይገባል፤ ክኩ በአልጫነቱ ይበስላል። ከዚያ የድስቱ አንድ ስድስተኛ የራሱ ጭልፋ ወዳለው ትንሽ ድስት ይወጣል። ለቀረው 100 ሰው በነፍስ ወከፍ 2 ግራም ጨው ታስቦ 200 ግራም በሚዛን ይጨመራል፤ በእፍኝ አይደለም። ቀይ ካስፈለገም በርበሬው ለብቻው ተቁላልቶ እዚሁ ላይ ይገባል። በርበሬ የሚያቀርበውን ሰው «ያለ ጨው ይፈጭ» ማለት ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በነገራችን ላይ በዘይት የተሠራ የክክ አልጫ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም አንድ ነው፤ ወሎ ላይ ይህ ትልቅ ቅለት ነው።

«የ10 ሰው ልኬት ካለ ለ120 በ12 ማባዛት ነው።»

ለክኩና ለሽንኩርቱ አዎ። ውኃው ግን እንዲህ አይሄድም። ትልቅ ድስት ውስጥ ካለው ምግብ ብዛት አንጻር በእንፋሎት የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ በ12 የተባዛ ውኃ ወጡን ያቀጥነዋል። ቀንሶ ጀምሮ እየታየ የፈላ ውኃ መጨመር ይሻላል። የማብሰያ ሰዓትም ከከተማ ከተማ አይገለበጥም፦ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ግን ወደ 94 ይደርሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የተጻፈ ሰዓት ደሴ ላይ ክክን ጥሬ ያስቀራል። ቀድሞ መዘፍዘፍና ምግብ ቤቱ የራሱን ሰዓት መዝግቦ መያዝ ነው መፍትሔው።

«ጤፍ ስኳር የለውም፤ የስኳር ታካሚ እስኪጠግብ ይብላ።»

ከእንጀራ ክብደት ወደ ሲሶ የሚጠጋው ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጥ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ 100 ግራም ያህል ይሰጣል። ጤፍ ከነጭ ዱቄት በአሰር ይበልጣል፤ መጠኑ ግን ያው መጠን ነው። የሕክምና ክፍሉ ግማሽ እንጀራ ካዘዘ አንዱን እንጀራ መዝኖ መቁረጥና በየቀኑ ያንኑ ማቅረብ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ዛሬ ሩብ ነገ ሙሉ ቢቀርብለት መድኃኒቱና ምግቡ አይገናኙም።

«በደንብ ፈልቷል፤ ደሴ ደግሞ ብርድ ነው። ወጡ በድስቱ ቢያድር ምን ይሆናል?»

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ጀርም ሲፈላ የማይሞት ዘር አለው፤ ወጡ ለብ ሲል ያ ዘር ይነቃል፣ ከ40 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደግሞ በጣም ይፈጥናል። የደሴ ብርድ የሚያቀዘቅዘው የድስቱን ዳር ነው። 40 ሊትር ወፍራም ወጥ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ያድራል። ሽታውም ጣዕሙም ስለማይለወጥ ቀምሶ መለየት አይቻልም። የሚታወቀው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሲይዘው ነው፤ ትውከትና ትኩሳት እምብዛም አይኖርም። ጤነኛ ልጅ በአንድ ቀን ይሻለው ይሆናል፣ አልጋ ላይ ያለ አዛውንት ግን ሊጎዳ ይችላል።

ጠዋት ማሞቁም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንድ ጀርም፣ በተለይ ሩዝ ላይ የሚታየው፣ የሚተወው መርዝ ሙቀት አይበግረውም።

የሚያድር ምግብ ካለ ከትልቁ ድስት ወጥቶ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ብቻ ጥልቀት ባላቸው ትሪዎች ይከፋፈላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 5 መውረድ አለበት። ቴርሞሜትሩ መሐሉ ላይ ይተከላል፤ ዳሩ ያታልላል። ሁለተኛው እርምጃ ማቀዝቀዣ ከሌለ አይቻልም። እንደዚያ ከሆነ ምንም አይደር፦ ጠዋት ከየክፍሉ ነርስ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ከየክፍሉ አለቃ የተቆጠረ ቁጥር መጥቶ ክኩ በዚያው ልክ ይመዘናል። እስኪቀርብ ድረስ ወጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከሠርክ በኋላ የተረፈው ይደፋል።