ሞተር ሳይክልን ከፎቶ መለየት ምንድን ነው? ታንኩ፣ መብራቱና ማርሚታው የሚናገሩት እና የማይናገሩት

ዲላ ያለ ባለንብረት መርካቶ ሶማሌ ተራ ላለ ሻጭ ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፦ አንዱ የቤንዚን ታንኩን፣ አንዱ የፊት መብራቱን፣ አንዱ ማርሚታውን ያሳያል። ከሥሩ «ለዚህ ፒስተን ከነፋሻው ላክልኝ» ይላል። ከፎቶ መለየት የሚባለው እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሞተር ሳይክሉን በአካል ሳያዩ የማን ሥሪት፣ የትኛው ሞዴልና ስንት ሲሲ እንደሆነ መወሰን ማለት ነው። ሦስቱ ፎቶዎች ስለ ሥሪቱ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ሲሲው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

ታንኩ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ስቲከሩ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ እምነት የሚጣልበትም እሱ ነው። ስቲከር በየሱቁ ይሸጣል፣ 125 የሆነ ሞተር ላይ «150» መለጠፍም ቀላል ነው። መታየት ያለበት የታንኩ ቅርጽ ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ለጉልበት የተጎደጎደ? ክዳኑ ከላይ የተነሳ ነው ወይስ ከታንኩ ጋር እኩል የተቀበረ? ፎቶው ከጎን፣ በታንኩ ቁመት ልክ ሆኖ፣ መቀመጫውንና የጎን ሽፋኑን ጨምሮ መነሳት አለበት። ታንኩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት መስመር ክፍተት ካለው ወይም ቀለሙ ከጎን ሽፋኑ ከተለየ፣ ታንኩ ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ሊሆን ይችላል።

የፊት መብራት በወደቀ ቁጥር ስለሚሰበር ብዙ ይቀየራል። ስለዚህ ከመስታወቱ ይልቅ የተሸከመውን ነገር ይመልከቱ፤ መብራቱን ግራና ቀኝ የያዙት ክንዶች የፋብሪካ ናቸው ወይስ በብየዳ የተሠሩ? መግዛት የሚፈልጉት መብራቱን ራሱን ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም። መስታወቱ ላይ ሜትር አስደግፈው ስፋቱ እንዲነበብ አድርገው ያንሱ፣ አምፖሉንም አውጥተው እግሩንና የተጻፈበትን ዋት ያሳዩ።

ከሦስቱ የበለጠ ስለ ሞተሩ የሚናገረው የጭስ ማውጫው ነው፤ ፎቶው ግን የኋላውን ማርሚታ ብቻ ማሳየት የለበትም። ቱቦው ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ መታየት አለበት። ከላይኛው ክፍል፣ ከቴስታታው፣ ከወጣ ባለ አራት ምት ነው። ከቴስታታው በታች፣ ከሲሊንደሩ ግንብ ላይ ከወጣና መሐሉ ላይ ሆድ ካለው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ባለ ሁለት ምት ነው። ለገጠር ሥራ የተሠሩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የስማቸው መቀራረብ ያሳስታል፣ ግን 100ው ባለ ሁለት ምት፣ 200ው ባለ አራት ምት ስለሆነ የአንዱ የሞተር ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ይህን አንድ የቱቦ ፎቶ ይጨርሰዋል።

የዲላው ፎቶ ላይ ስቲከሩ «150» ይላል፣ መብራቱ ክብ ነው፣ ቱቦው ከቴስታታው ይወጣል፣ ማርሚታው ረጅም ኒኬል ነው። ይህ መልክ የሆንዳ ሲጂ 125ን ሥሪት ተከትለው የቻይና ፋብሪካዎች በብዙ ስም ያወጡት ቤተሰብ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቤተሰብ የ125ቱ ሲሊንደር ውስጣዊ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የ150ው 62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት፣ ምልልሱ፣ ግን በሁለቱም 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ሲሊንደሩ ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ከታንክ፣ ከመብራትና ከማርሚታ ፎቶ አይታይም። በግምት 62 ፒስተን ተልኮ ሞተሩ 125 ቢሆን፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ አፍ አያልፍም፤ የመላኪያው ብርና ቀኑ በከንቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ሻጩ አራተኛ ፎቶ ይጠይቃል፦ የሞተር ቁጥሩን። በእነዚህ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ በታችኛው የሞተር አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከረጅሙ ቁጥር በፊት አጭር ኮድ አለ፤ በዲላው ሞተር ላይ 156FMI ይላል እንበል። የመጀመሪያው 1 አንድ ሲሊንደር ማለት ነው። 56 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ነጥቡ ተጥሎ። F በአየር የሚቀዘቅዝ፣ M ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ የመጨረሻው I ደግሞ 125 ሲሲ ነው። 150 ቢሆን ኖሮ 162FMJ ይል ነበር። ስቲከሩ ዋሽቷል፤ የሚላከው ባለ 56.5 ፒስተን ነው።

ቁጥሩ በቅባትና በጭቃ ስለሚሸፈን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ሲደርቅ ጠመኔ ይሹበትና ትርፉን በጣት ያብሱ፤ ነጩ ጽሑፉ ውስጥ ይቀራል። የእጅ ባትሪ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያብሩበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አይፈግፍጉት። ምቱ ጥልቀት የለውም፣ የተፋቀ ቁጥር ደግሞ በምርመራ ጊዜ የተነካካ ይመስላል። ካነበቡት በኋላ ከሊብሬው ጋር ያስተያዩት። ካልተመሳሰለ ሞተሩ የተቀየረ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለሞተር ዕቃ የሚከተሉት ብረቱ ላይ ያለውን ነው።

ኮዱም ገደብ አለው። 162FMJ የሚል ምልክት በሁለት ዓይነት ሞተር ላይ ይገኛል፦ ባልቦላውን ከታች በዘንግ በሚገፋው የሲጂ ዓይነት እና ካምሻፍቱ ቴስታታው ውስጥ ሆኖ በትንሽ ካቴና በሚዞረው ላይ። ቴስታታቸው፣ ሲሊንደራቸውና ጓርኒሲዮናቸው ይለያያል። ስለዚህ የቴስታታውን የግራ ጎንም ያንሱ። እዚያ ክብ ክዳን ከታየ ባለ ካቴናው ነው፤ የሲጂው ጎን ክብ ክዳን የለውም።

በካሊፐር መለካትም ብቻውን የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ቲቪኤስ አፓቼ አርቲአር 160 እና 180 በመልክ ይቀራረባሉ። የ160ው ስፋት 62 ሚሊ ሜትር፣ የ180ው 62.5 ነው። የ160 ሞተር ሲሊንደር አንዴ ተፍቆ፣ ከፋብሪካው ልክ በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ፒስተን ገብቶበት ከሆነ፣ ካሊፐሩ ልክ እንደ አዲስ የ180 ሞተር 62.5 ያነብባል። የሚለያቸው ምልልሱ ነው፤ በ160ው 52.9፣ በ180ው 57.8 ሚሊ ሜትር። ፒስተን ለመቀየር ቴስታታው ወርዶ ከሆነ፣ የካምሻፍቱን ካቴና ወደ ላይ ወጥረው፣ ሲሊንደሩንም እንዳይነሳ ተጭነው ሞተሩን በቀስታ ያዙሩ። ፒስተኑ ከላይ ጫፍና ከታች ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ያለውን ጥልቀት ይለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት ምልልሱ ነው። ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ስለሆነ ተራ ማስመሪያም ይለየዋል። የድሮው ፒስተን አናት ላይ 50 ወይም 0.50 የሚል ምት ካለ ደግሞ እሱንም ፎቶ አንስተው ከልኩ ጋር ይላኩ።