«ወራጅ አለ?»፦ የጥያቄ ቅላጼ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው ውጭ አገር ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚወራ ቃላቱን ታውቃለች። ክረምቱን እኛ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ልታሳልፍ ስትመጣ ግን ታክሲ ውስጥ ተቸገረች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል፤ እሷ ዝም ትላለች። መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ቤት ስትደርስ «ሌላ ሰው ሊወርድ መስሎኝ ነው እኮ፤ ወራጅ አለ ሲል ሰማሁት» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ቃላቱ እነዚያው ናቸው። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል ለሹፌሩ እየነገረ ነው። ረዳቱ ሲለው ደግሞ እየጠየቀ ነው። የሚለያቸው የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ቅላጼ የሚባለው ይሄ ነው። እሷ የለመደችው እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ለጥያቄ የቃላቱን ቦታ ያቀያይራል። አማርኛ ሁሉንም እንደነበረ ይተወዋል። ስለዚህ ጆሮዋ የሚጠብቀው ምልክት አልመጣላትም።

ቀረብ ብለን እንስማው። «ወራጅ» ላይ ሁለቱ አባባሎች ብዙም አይለያዩም፤ እዚያ ላይ ሆኖ ለመገመት መሞከር ድካም ነው። ነገሩ ያለው «አለ» ላይ ነው። ቃሉ ጠብቆ ሲነገር ሁለት ቁራጭ አለው፦ አል፣ ከዚያ ለ። ሲነገር «አል» ከፍ ይልና «ለ» ይወርዳል፣ ደከም ብሎም ያልቃል። ሲጠየቅ «ለ» ከ«አል» በላይ ይወጣል፣ ትንሽ ሳብም ይላል። ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች መጨረሻው ላይ ወጠር ብለው በፍጥነት ስለሚርገበገቡ ነው ድምፁ የሚቀጥነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ቶሎ ይገባል። ልጅቷ «ል»ን ጫን ማለት ጥያቄ የሚያደርገው መሰላት። አይደለም። ማጥበቅ ሌላ ሥራ ነው ያለው፤ ሲላላ «አለ» ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል። ሁለቱንም መናገርም መጠየቅም ይቻላል። ጫናው የቃሉን ትርጉም ይለያል፣ የመጨረሻው መውጣትና መውረድ ደግሞ ጥያቄነቱን።

ለልምምድ በስልኬ ድምፅ ቀዳሁላት። «ሞልቷል»፣ «ከፍለሻል»፣ «ደርሰናል»፣ «ዝርዝር አለ»፤ እያንዳንዱን አንዴ ነግሬ፣ አንዴ ጠይቄ። ከዚያ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ቃላቱ ታፍነው ዜማው ብቻ ይሰማል፤ እሷ «ነገርሽ» ወይም «ጠየቅሽ» ትላለች። «ዝርዝር አለ» ላይ ተሳሳተች። ስነግራት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደተቆጣ ሰው ነበር ያልኩት። ከፍ ስላለ ጥያቄ መሰላት። መልሰን ስንሰማው ጠቅላላው ከፍ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ግን ይወድቃል። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህ ሰውም እንደዚያው ነው። የአንዲት ሴት ንግግር ከአንድ ወንድ ጥያቄ ቀጥኖ ሊሰማ ይችላል። የሚመዘነው መጨረሻው ነው፣ ከዚያው ሰው ድምፅ መጀመሪያ ጋር እየተነጻጸረ።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ Praat የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ የድምፁን መውጣትና መውረድ በመስመር ይስላል። ታክሲ ውስጥ የተቀዳ ከሆነ ግን የሞተሩ ጩኸት መስመሩን ይበጣጥሰዋል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መቅዳት ይሻላል።

መጨረሻው የወጣ ሁሉ ግን ጥያቄ አይደለም። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ «ሳሪስ፣ ቃሊቲ» ሲል እያንዳንዱን ስም ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ገና አልጨረስኩም ማለቱ ነው። ከጥያቄ የሚለየው ድምፁ ከፍ እንዳለ ተንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ቃል ማለፉ ነው። ጥያቄ ወጥቶ ይቆማል፣ መልስ ይጠብቃል። በተቃራኒው ደግሞ ሳይወጣ ጥያቄ የሚሆን አለ። «የት ነው የምትወርጂው?» ሲባል «የት» አስቀድማ ስለጠየቀች ድምፁ ቢወርድም ጥያቄነቱ አይጠፋም። «ወራጅ አለ ወይ?» ላይም ሥራውን «ወይ» ትሠራለታለች። ልጅቷ መውጣቱን ብቻ ስትጠብቅ እነዚህ ሁለት ሦስቴ አመለጧት።

ከባዱ «ከፍለሻል?» ነበር። «ሻል» አንድ ቁራጭ ናት፤ ድምፁ እዚያች ላይ ብቻ ነው ተነስቶ የሚወጣው። ሞተር ሲጮህ ደግሞ የምትዋጠው መጀመሪያ እሷ ናት። ትራስ ሥር ደጋግመን የሰማነውም እሷን ነው። ባለፈው ሳምንት አብረን ስንሄድ ረዳቱ እጁን ዘርግቶ «ከፍለሻል?» አላት። እሷም ልክ እንደ እናቷ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ አዎንታዋን መለሰችለት።