ከምርት ኮድ ውስጥ ቁጥሩን ነጥሎ ማውጣት

የምርት ኮድ ማለት ፊደል፣ አኃዝና መለኪያ በአንድ ሕብረቁምፊ ተጣብቀው የሚጻፉበት አጭር ስም ነው። የዕቃ ዝርዝር የያዘ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከዚያ ውስጥ አንዱን ቁጥር ብቻ ነው፤ ርዝመቱን፣ ክብደቱን ወይም መጠኑን። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፦ ፊደሉን አጥፍቶ አኃዙን ማስቀረት። ብዙ ስሕተት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ኮድ ይዘን እንሂድ፦ `H05VV-F3G2.5-100M`። የኤሌክትሪክ ኬብል ነው። የመጀመሪያው ክፍል በአውሮፓ የተለመደ የኬብል ስያሜ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን `100M` ግን ሻጩ ለራሱ የጨመረው ነው እንበል፤ 100 ሜትር ጥቅል ማለቱ ነው። እኛ የምንፈልገው ይህንን ርዝመት ነው።

አኃዝ ያልሆነውን ሁሉ ብንጠርግ የምናገኘው 05325100 ነው። ኤክሴል ወደ ቁጥር ሲቀይረው 5325100 ይሆናል። ከአምስት ሚሊዮን ሜትር በላይ ኬብል! እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ደግነቱ ዓይን ላይ ይወድቃል። የሚያስፈራው ትክክል የሚመስለው ነው።

አሁን አኃዞቹን አንድ በአንድ እንያቸው። `05` ብዛትም ልክም አይደለም። የቮልቴጅ ደረጃ መለያ ነው፤ 300/500 ቮልትን ይወክላል። `07` ቢሆን ኖሮ 450/750 ቮልት ማለት ነበር። ስለዚህ ዜሮውን ጥሎ 5 ማለት ምንም ትርጉም የለውም። `3` ቆጠራ ነው፤ በኬብሉ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። ቀጥሎ ያለው `G` ከሦስቱ አንዱ የኤርዝ ሽቦ መሆኑን ይናገራል፤ ኤርዝ ከሌለው በ`G` ፈንታ `X` ይገባል። `2.5` የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት፣ ማለትም የቁርጡ ስፋት፣ በካሬ ሚሊሜትር ነው፤ መለኪያው ግን አልተጻፈም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል ተብሎ ተትቷል። መለኪያው አብሮት የተጻፈው `100` ብቻ ነው።

በአንድ ኮድ ውስጥ አራት ቁጥር፣ አራቱም የተለያየ ባሕርይ። ስለዚህ «አኃዙ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት «የምፈልገው ቁጥር ጎረቤቱ ማን ነው?» ነው። ርዝመት ከኋላው `M` አለ። ውፍረት ከፊቱ `G` ወይም `X` አለ።

ብዙዎች መሀል ላይ ይቆማሉ። ቁጥሮቹን በተርታ አውጥተው «አራተኛው ርዝመት ነው» ይላሉ። ፓይተን ውስጥ እንዲህ ይሆናል፦

```python
re.findall(r"\d+(?:\.\d+)?", "H05VV-F3G2.5-100M")
# ['05', '3', '2.5', '100']
```

ለዚህ ኬብል ይሠራል። ቀጣዩ መስመር ላይ `H07V-K1.5-100M` ይመጣል። ይሄ ነጠላ ሽቦ ስለሆነ የሽቦ ብዛት አልተጻፈበትም። የሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ አራተኛ የለም። ይባስ ብሎ ሁለተኛውን «የሽቦ ብዛት» ብለን ከያዝነው አንድ ተኩል ሽቦ ያለው ኬብል ይኖረናል። በተራ ቁጥር መያዝ የሚያዋጣው ኮዶቹ ሁሉ አንድ ቅርጽ ካላቸው ብቻ ነው፤ ከተለያየ አቅራቢ የመጣ ዝርዝር ደግሞ እንዲህ ሆኖ አይገኝም።

በጎረቤት የሚይዝ ፓተርን፣ ማለትም የፍለጋ ቅርጽ፣ ይሻላል፦

```python
re.search(r"(\d+(?:\.\d+)?)M(?![A-Z])", kod)
```

የመጨረሻዋ ቅንፍ ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ትልቅ ነው። «ከ`M` በኋላ ሌላ ፊደል አይኑር» ትላለች። እሷ ባትኖር `2.5MM` ላይ 2.5 ሜትር፣ `500ML` ላይ 500 ሜትር እናነባለን። ዋጋም አላት፦ `100MBLK` ተብሎ ቀለሙ ያለ ሰረዝ ከተጣበቀ ታልፈዋለች። እኔ በበኩሌ ይሄ ይሻለኛል። ባዶ የቀረ ሕዋስ ተፈልጎ ይሞላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል።

በጉግል ሺትስ ለሚሠራ ሰው ይህች ቅንፍ የምታደርገው «ወደፊት ማየት» አይፈቀድም፤ እዚያ ያለው የፓተርን ሞተር አያውቀውም። በሌላ መንገድ ይጻፋል፦

```
=VALUE(REGEXEXTRACT(A2,"(\d+(?:\.\d+)?)M(?:[^A-Z]|$)"))
```

`VALUE` የገባው የሚወጣው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ ነው። ካልተቀየረ `SUM` ዜሮ ይመልስና ሰው ግራ ይጋባል። ካልተገኘ ደግሞ `#N/A` ይላል። ዝርዝሩን ለማሳመር ብላችሁ በ`IFERROR` ወደ 0 አትቀይሩት፤ «አላገኘሁም» እና «ዜሮ ነው» አንድ አይደሉም። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ሺቱ የአስርዮሽ ምልክቱ ኮማ በሆነበት አገር ቅንብር ላይ ከሆነ `2.5` ቀን መስሎት ሊቀይረው ይችላል።

የኤክሴል `Ctrl+E` እንዴት ነው የሚል ይኖራል። ምሳሌ አይቶ ይገምታል፤ ለሃያ መስመር ይበቃል። ኮዱ ኋላ ላይ ቢስተካከል ግን የወጣው ቁጥር አብሮ አይለወጥም።

እስካሁን ያለው ሁሉ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ተያይዞ ተጽፏል ከሚል ግምት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ይህንን ያፈርሰዋል። የሬዚስተር ዋጋ `4K7` ተብሎ ሲጻፍ `K` ሁለት ሥራ አላት፤ «ሺህ» ትላለች፣ የነጥቡንም ቦታ ትይዛለች። ዋጋው 4.7 ኪሎ ኦም፣ ማለትም 4700 ኦም ነው። `4R7` ደግሞ 4.7 ኦም፣ `R47` ደግሞ 0.47 ኦም ነው። ነጥብ በኅትመት ላይ በቀላሉ ስለምትጠፋ ነው በፊደል የተተካችው። እዚህ ፊደሉን ማጥፋት ሦስቱንም 47 ያደርጋቸዋል። መፍትሔው ፊደሏን ወደ ነጥብ መቀየር፣ ከዚያ በምትወክለው ብዜት ማባዛት ነው፤ `R` በ1፣ `K` በ1000።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚደርስ ጉዳትም አለ። የCSV ፋይል በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት `12E5` የተባለ ኮድ ወደ 1200000 ይቀየራል፤ `E`ን የአሥር ብዜት አድርጎ ስለሚያነባት። `00415` ደግሞ 415 ይሆናል። ፋይሉ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ የትኛውም ፓተርን አይመልሰውም። የኮዱ ዓምድ ሲገባ ጀምሮ ጽሑፍ ተብሎ መገለጽ አለበት።

ሲጨረስ የወጣውን ዓምድ ከኮዱ ጎን አድርጎ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው። ችግሩ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። የኬብል ጥቅሎች 50፣ 100፣ 200 ሆነው ሳለ ከላይ 2.5 ካለ የመጨረሻዋ ቅንፍ ተረስታ `MM` ሾልኮ ሊሆን ይችላል፤ ከታች 500 ካለ ያ ኬብል ላይሆን ይችላልና ኮዱን ይዩት። ከዚያ ባዶዎቹን ይቁጠሩ። ከሺህ መስመር አሥሩ ባዶ ቢሆኑ በእጅ ይሞላሉ። ሦስት መቶ ከሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ የአጻጻፍ ዘይቤ አለ፤ ሁለተኛ ፓተርን ለብቻው ይጻፍለት እንጂ የመጀመሪያው አይላላ።