የጊታር ሴሪያል ቁጥር ምንድን ነው?

ሴሪያል ቁጥር ፋብሪካው ለጊታሩ የሚሰጠው መለያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የት አገርና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ይጠቁማል። ብቻውን ግን አይታመንም። ከጊታሩ ራስ ቅርጽና ከሌሎች ክፍሎቹ ጋር መግጠም አለበት።

አንድ ኮምቦልቻ ያለ ሻጭ «ኦሪጅናል ፌንደር ስትራቶካስተር፣ የ1978» ብሎ በቴሌግራም ፎቶ ላከ እንበል (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገዢው ደሴ ነው። ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ፎቶዎቹን በደንብ ማየት ይችላል።

መጀመሪያ የጊታሩን ራስ ያያል። ፌንደር ከ1965 መጨረሻ ገደማ እስከ 1981 ስትራቶካስተርን በትልቅ ራስ ይሠራ ነበር። ፎቶው ላይ ያለውም ትልቅ ነው። የሻጩ ቃል እስካሁን ያስኬዳል። ችግሩ፣ የፌንደር ርካሽ ብራንድ የሆነው ስኳየርም አፊኒቲ የተባለውን ሞዴል በትልቅ ራስ ይሠራል።

ስለዚህ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። በ1978ቱ ላይ ክሮቹ ከሚያልፉበት ነት በላይ የጥይት ጫፍ የመሰለ ብረት ብቅ ይላል። አንገቱን የሚያስተካክለው ዘንግ ጫፍ ነው። እዚህ ግን ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። አንገቱን ከገላው ጋር የሚያስረው የጀርባ ብረትም የዚያን ጊዜ በሦስት ብሎን ነበር፤ ፎቶው አራት ያሳያል። ነገሩ አላማረም።

አሁን ቁጥሩ ይመጣል። የ1970ዎቹ መጨረሻ ፌንደር ቁጥሩ በጊታሩ ራስ ፊት ለፊት ሆኖ S7፣ S8 ወይም S9 ብሎ ይጀምራል። ይሄኛው ግን ከራሱ ጀርባ ICS12 ብሎ ይጀምራል። I ኢንዶኔዥያ፣ C ኮርት ፋብሪካ፣ S ስኳየር፣ 12 ደግሞ 2012 ማለት ነው። ፊት ያለው «ፌንደር» የሚል ጽሑፍ የስኳየሩ ተፍቆ በቦታው የተለጠፈ ነው። ብርሃን ከጎን ሲበራበት የማጣበቂያው ጠርዝና የተፋቀው ቀለም ይታያል። ለዚህ ነው ሻጩን «ራሱን ከጎን በእጅ ባትሪ አብርተህ ላክልኝ» ማለት የሚገባው።

የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ፒክአፖችስ? ከላይ ሲታዩ ሦስት ነጠላ ስለሆኑ ሁለቱንም ሞዴሎች ይመስላሉ። ልዩነቱ ከሥር ነው። በድሮው ፌንደር ላይ በእያንዳንዱ ፒክአፕ ያሉት ስድስት ትናንሽ ዘንጎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው። በርካሹ ስኳየር ላይ ከሥር የተጣበቀ ጠፍጣፋ ማግኔት አለ። ይህን ለማየት ክሩን ፈትቶ የላይኛውን ፕላስቲክ ማንሳት ይጠይቃል፤ ሻጭ ደግሞ እሺ አይልም። ደግሞም ፒክአፕ በቀላሉ ስለሚቀየር ዓመት ለማወቅ ደካማ ምስክር ነው።

ራሱ ላይ ያለ ቁጥር የሚናገረው ስለ አንገቱ ብቻ ነው። ብሎኖቹ ከተፈቱ አንገቱ ወደ ሌላ ጊታር ይሄዳል። ገላውን ለማወቅ አንገቱን አውልቆ የተቦረቦረውን ቦታ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።