ስክሪፕቱ ረዘመ? መስመር አትልቀሙ

«ስክሪፕቴ 84 ገጽ ነው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ስለሆነ ፊልሙ 84 ደቂቃ ይወጣዋል።»

አይወጣውም። ይህ ልኬት የተለመደው ለእንግሊዝኛ ስክሪፕት ነው። ኩሪየር በሚባለው ፎንት፣ በ12 መጠን፣ ንግግሩ ገጹ መሃል ጠበብ ብሎ ሲጻፍ ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ግምት ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ስክሪፕት ግን ሌላ ነው። በግዕዝ ፎንት፣ በኤ4 ወረቀት፣ ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ነው የሚጻፈው። አንዱ ገጽ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ከላይ ያለውን ያለኝ እዚሁ ጅማ ያለ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነው። ታሪኩ ጥሩ ነው። ሳሊም የሚባል ልጅ የአባቱን ጀንፈል ቡና ከመጋዘን አውጥቶ በድብቅ ይሸጣል። ገንዘቡን ያጠፋዋል። ከዚያ ቤተሰቡ ነገሩን ከአባትየው ሊደብቅ ይሯሯጣል። ጸሐፊውን ቁጭ አድርጌ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት እያስቆጠርን ስክሪፕቱን ጮክ ብለን አነበብነው። 118 ደቂቃ ሆነ። አዘጋጁ የፈለገው ከ100 ደቂቃ በታች ነበር።

ሲለካ ንግግሩን ብቻ ማንበብ አይበቃም። «አባትየው መጋዘኑን ከፍቶ ጆንያዎቹን ይቆጥራል» የሚል አንድ መስመር አለ። ሲነበብ ሦስት ሰከንድ ነው። ተነስታችሁ በሩን እንደሚከፍት ሰው ሆናችሁ፣ ጆንያውን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ስትሠሩት ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። ያሳፍራል ብላችሁ አትዝለሉት። ቤት ውስጥ ማንም አያያችሁም። ከለካን በኋላ የሚቆረጠውን ለማግኘት ቢት ሺት ሠራን። ቢት ታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር የሚለወጥበት ቦታ ነው፤ ቢት ሺት ደግሞ ቢቶቹ በተራ የሚጻፉበት ዝርዝር።

«ቢት ሺት ከመጻፍ በፊት ነው እንጂ ካለቀ በኋላ ምን ያደርጋል?»

በፊት የሚሠራው ምን ልትጽፉ እንዳሰባችሁ ይነግራችኋል። በኋላ የሚሠራው ምን እንደጻፋችሁ ይነግራችኋል። ሁለቱ አንድ ሆነው አላየሁም።

«የትዕይንት ዝርዝር አለኝ፤ ያው አይደለም?»

ያው አይደለም። ትዕይንት በቦታና በሰዓት ነው የሚከፈለው። ቢት የሚከፈለው በለውጥ ነው። ሳሊም እህቱ ክፍል ገብቶ ገንዘብ ሲለምናት አንድ ቢት ነው። እሷ «ግማሹን ለእኔ ካልሰጠኸኝ ለአባባ እናገራለሁ» ስትለው ሌላ ቢት ነው። ክፍሉ ያው ነው፣ ነገሩ ግን ተገልብጧል። የልጁ ስክሪፕት 46 ትዕይንት ነበረው። ስንበትነው 71 ቢት ወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ መስመር ስጡ። ቁጥሩን፣ ምን እንደተለወጠ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ የወሰደውን ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደመረውን ደቂቃ ጻፉ። አንድ ተጨማሪ ዓምድ አድርጉ፤ ተመልካቹ አዲስ ያወቀው ነገር ካለ እዚያ ይግባ። ይህን ዓምድ አደራ። «ሳሊምና ጓደኛው ያወራሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ማውራት ለውጥ አይደለም። ከወሬው በኋላ ምን ተለየ? መልስ ካጣችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት። በኋላ የምትፈልጉት ባዶውን ነው።

«ጋሼ፣ ከየትዕይንቱ ሁለት ሁለት መስመር ባወጣ አይበቃም?»

ይሄንን ጥያቄ ስሰማ ቡናዬ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ይጠይቀዋል። ጸሐፊ ብቻ አይደለም፣ ዳይሬክተርም ይጠይቀዋል። ተዋናይም ልምምድ ላይ ቆሞ መስመር ይሰርዛል።

እስቲ እናስላው። አንድ የንግግር መስመር አራት ሰከንድ ገደማ ይወስዳል እንበል። ከ46 ትዕይንት ሁለት ሁለት ብታወጡ 92 መስመር ነው። 368 ሰከንድ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ። ልጁ መቀነስ ያለበት ከ18 ደቂቃ በላይ ነው። የሚብሰው ደግሞ የሚወጣው መስመር ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ሰው እንዲህ ሲለቅም መጀመሪያ የሚያገኘው ቀልዱን፣ ተረቱን፣ ገጸ ባሕርዩን ሰው የሚያደርገውን ቃል ነው። «ይሄ ለታሪኩ አያስፈልግም» ይላል። መጨረሻ ላይ መረጃ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይቀራሉ። ፊልሙ በስድስት ደቂቃ አጥሮ በሃያ ደቂቃ የረዘመ ይመስላል። ሰውየው በሩን ማንኳኳቱ፣ መግባቱ፣ መቀመጡና መውጣቱ አልተነካማ። ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው።

ቢት ሺቱ ምን እንዳሳየን ልንገራችሁ። 9ኛው ቢት ላይ ሳሊም ጀንፈሉን ሲሸጥ ተመልካቹ በዓይኑ ያያል። 12ኛው ላይ ሳሊም ባጃጅ ውስጥ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ሦስት ደቂቃ። 15ኛው ላይ ለእህቱ ይነግራታል፤ አራት ደቂቃ። 18ኛው ላይ እህትየው ለእናቷ ትነግራለች፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል። 19ኛው ላይ እናትየው ቡና አፍልታ ለጎረቤቷ ትነግራለች። ይሄኛው አቦሉም ቶናውም በረካውም ተፈልቶ አምስት ደቂቃ ነው። በአዲስ መረጃ ዓምዱ ላይ አራቱም ባዶ ናቸው። ተመልካቹ ከ9 ጀምሮ ያውቃል። ጸሐፊው ግን እያንዳንዱን ትዕይንት ለብቻው ሲያነበው ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ንግግሩ ጥሩ ነው። ትዕይንት በትዕይንት ያነበበ ሰው ይህን ድግግሞሽ አያየውም። አንድ ገጽ ላይ ተሰልፈው ሲታዩ ግን መደበቂያ የላቸውም።

አራቱንም አላወጣንም። ለእያንዳንዱ ቢት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከሚቀጥለው ጋር በምን ይያያዛል? «ስለዚህ» ወይም «ግን» ካስገባ ይቆይ። «ከዚያ» ብቻ ከሆነ ይጠርጠር። 15ኛው ላይ እህትየው ግማሹን ጠይቃለች፤ ስለዚህ ሳሊም ተጨማሪ ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል። ይቆያል። 12ኛው «ከዚያ» ነው። ወጣ። 18ኛውን ከ15 ጋር አጋባናቸው። ሳሊም ለእህቱ ሲናገር እናትየው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። አንድም ቃል አልተጨመረም። 19ኛው፣ ጎረቤትየዋ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ውስጥ ስለሌለች፣ ከነረከቦቱ ወጣ። ልጁ ለዚህ ትዕይንት አዝኗል። እኔም ቆንጆ እንደነበር አልክድም። አሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል አገኘን።

ቀጥሎ ያገኘነው የጅማ ጣጣ ነው። ሳሊም ጅማ መርካቶ ከደላላው ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል። ደላላው ሲሄድ የተባለውን ሁሉ ለጓደኛው በአማርኛ ይደግመዋል። ሌላ ትዕይንት ላይም እንዲሁ። ጸሐፊው «ኦሮምኛ የማይሰማ ተመልካች እንዳይቀርበት» ብሎ ነው። ለዚህ ከስር የሚጻፍ ትርጉም አለ። ሁለቱ ድግግሞሾች አራት ደቂቃ ነበሩ።

የቀረው ሰላምታው ነው። እኛ ሰው ቤት ስንገባ እንዴት እንደምንጠያየቅ ታውቃላችሁ። እሱ ሁሉ ስክሪፕቱ ላይ አለ። 25 ትዕይንት በ«እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው» ይጀምራል፤ በአማካይ 15 ሰከንድ። ሰዎቹ ተቀምጠው ጨዋታ ሲጀምሩ ትዕይንቱን ክፈቱት። ከ24ቱ ስድስት ደቂቃ ወጣ። እዚህ መስመር ተቀንሷል፣ ግን ጫፉን ነው የቆረጥነው፤ ያውም ቢቶቹ ከተስተካከሉ በኋላ። አንድ ቦታ ሰላምታውን አልነካነውም። አባትየው ከጠረጠረ በኋላ ሳሊምን ሰላም ሳይለው ያልፋል። ያ እንዲሰማ ከዚያ በፊት አንዴ በወጉ ሰላም ሲለው መታየት አለበት።

ጠቅላላ 21 ደቂቃ ተኩል። 96 ተኩል ቀረ። ከጥሩዎቹ ቀልዶች አንድም አልወጣም።

ቢት ሲወጣ ግን ይዞት የሚሄደው ነገር አለ። 12ኛው ላይ ባጃጅ ውስጥ ሳሊም የመጋዘኑን ቁልፍ ለጓደኛው ሰጥቶት ነበር። ቢቱን ስናወጣ ጓደኛው በኋላ ቁልፉን ከየት አመጣው? ስለዚህ ያወጣችሁትን እያንዳንዱን ቢት አንብባችሁ ዕቃ፣ ስም፣ ቀጠሮ ወይም ቃል ኪዳን ካለበት ጻፉት፤ ቀሪው ስክሪፕት ላይም ፈልጉት። ቁልፉን 9ኛው ቢት ላይ አደረግነው። ጀንፈሉ ሚዛን ላይ ሳለ ሳሊም ለጓደኛው ያቀብለዋል። ሁለት ሰከንድ።

«ፊልሙ የሚንቀራፈፈው ትዕይንቶቹ ስለሚረዝሙ ነው።»

አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ትዕይንቶቹ አጫጭር ሆነው ዋናው ጉዳይ ስለማይንቀሳቀስ ነው። የተደመረውን ደቂቃ ዓምድ እዩት። አባትየው 20ኛው ደቂቃ ላይ የመጋዘኑን ቁልፍ ይጠይቃል። ቀጥሎ አንድ ነገር የሚያደርገው፣ ጓደኛው ቁልፉን መልሶለት ጆንያዎቹን ሲቆጥር፣ 61ኛው ላይ ነው። ቤተሰቡ የሚፈራው ሰው አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ የለም። ከቆረጥን በኋላም ከ25 ደቂቃ በላይ ክፍተት ቀረ። ሌላ ነገር ብንቆርጥ አይሞላም።

ስለዚህ ቆጠራውን ወደ ፊት አመጣነው፤ እናትየው ምስጢሩን ከሰማች ብዙም ሳይቆይ። ጓደኛው ቁልፉን የሚመልስበትም አብሮ መጣ። አንድ ሰከንድ አልተቀነሰም። አሁን አባትየው ያውቃል፣ ተመልካቹም ማወቁን ያውቃል፣ ቤተሰቡ ብቻ ነው የማያውቀው። ከዚያ በኋላ ያሉት የመደበቅ ትዕይንቶች ቃላቸው ሳይለወጥ ሌላ ሆኑ። እናትየው «ቁልፉ እኮ ጠፍቶ ነው» ስትለው አባትየው ዝም ብሎ ያያታል።

ከእያንዳንዱ ቢት አጠገብ ለዋናው ሰው የተሻለ ከሆነ መደመር፣ የባሰ ከሆነ መቀነስ ምልክት አድርጉ። አራት አምስት መቀነስ ከተከታተለ ተመልካቹ ቀጣዩን ስለሚገምተው አጭሩም ይረዝምበታል። መሃል ላይ አንዱን መደመር አድርጉት።

«ቀርጸነው ኤዲተሩ ይቆርጠዋል።»

ይቆርጠዋል። ለዚያ ቀን የተከፈለው የካሜራ ኪራይ፣ የምሳና የባጃጅ ግን አይመለስም። ኤዲተሩ እናትየውን በር ላይ ሊያቆማትም አይችልም፤ ካልተቀረጸች የለችም። ቀይራችሁ ከጨረሳችሁ ደግሞ የድሮውን ደቂቃ እየቀነሳችሁ አትመኑት፤ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት።