በራጅና በሲቲ ስካን ምስል ላይ ቀኝና ግራ የሚለዩት እንዴት ነው?

የደረት ራጅ ሲነበብ ታካሚው ፊት ለፊታችን ቆሞ እንደሚያየን ይታሰባል። ስለዚህ ቀኙ በእኛ ግራ በኩል ይሆናል። በሲቲ ስካንና በኤም አር አይም አግድም የተቆረጡ ምስሎች የሚታዩት በዚሁ ልማድ ነው። በጀርባው የተኛውን ታካሚ ከእግሩ ስር ቆመን ወደ ራሱ የምናይ ያህል ነው፤ ጉበቱ በምስሉ ግራ በኩል ይወጣል።

ልማድ ግን ማስረጃ አይደለም። ምስል ሊገለበጥ ይችላል። ማስረጃው ራጅ ሲነሳ አብሮ የሚቀመጠው ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል ነው። የራጅ ባለሙያው ለቀኝ R ወይም ለግራ L የሚል ትንሽ የእርሳስ ምልክት ከታካሚው ጎን ያኖራል። እርሳስ ጨረሩን ስለማያሳልፍ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቅሙ ከሰውነቱ ምስል ጋር አንድ ላይ መቅረጹ ነው። ምስሉ ቢገለበጥ ፊደሉም አብሮ ይገለበጣል፣ ግን ከቀኙ ጎን አይለይም። ፊደሉ ተገልብጦ ቢነበብም R ያለበት ወገን ያው ቀኝ ነው።

ዲጂታል ራጅ ሲመጣ ፊደሉን ከምስሉ በኋላ በኮምፒውተር መጻፍ ተቻለ። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ምስሉ ተገልብጦ ሳለ ባለሙያው ልማዱን ተከትሎ በግራ ጥግ R ብሎ ቢጽፍ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ ጎኑ ግን ስህተት ነው። በኋላ የተጻፈ ፊደል የሚነግረን የጻፈው ሰው ያመነውን ነው። እኔ በግሌ የእርሳሱን እመርጣለሁ።

በደረት ራጅ ላይ ሰውነት ራሱ ይመሰክራል። የልብ ጫፍ፣ የአኦርታ ጉብታና የጨጓራ አየር ብዙውን ጊዜ በግራ ናቸው። ፊደሉ ከእነሱ ጋር ካልተስማማ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ ፊደሉ ተሳስቷል፣ ወይም የሰውየው የውስጥ አካላት በተፈጥሮ ተገላብጠው ነው። የኋለኛው ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ ምስሉን ዝም ብሎ አገላብጦ ማስተካከል አይገባም። ታካሚውን መመርመርና የድሮ ራጁን ማየት ይቀድማል።

አስቸጋሪው ሁለቱ ጎኖቹ የሚመሳሰሉ አካል ነው። እግርን እንውሰድ። አንድ ሰው ቀኝ እግሩ ላይ ከጉልበቱ በታች እብጠት አለውና ለሁለቱም እግሮች ሲቲ ስካን ታዘዘለት እንበል። በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን አስቀድሞ ወደ ማሽኑ ይገባል። በማሽኑ ላይ መመረጥ ያለበት FFS፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ እግር አስቀድሞ የሚለው ነው። ባለሙያው ግን ከቀደመው ታካሚ የቀረውን HFS፣ ማለትም ራስ አስቀድሞ የሚለውን፣ ሳይቀይር ጀመረ።

ማሽኑ ታካሚውን አያውቀውም። R እና L የሚሉትን ፊደላት የሚያወጣው ባለሙያው ከመረጠው አቀማመጥ ተነስቶ ነው። ስለዚህ እብጠቱ በምስሉ ላይ L ከተጻፈበት ወገን ይታያል። ምስሉ ሲታይ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። አልጋው ከታች ነው፣ ጉልበቱም ወደ ላይ ነው። ጉበት የለ፣ ልብ የለ። ቀጭኗ የባት አጥንትም በሁለቱም እግሮች በውጪ በኩል ስለሆነች አትለይም።

ስህተቱ የሚጋለጠው ከዋናው ቅኝት በፊት በምትነሳው ቀጥ ያለች ረጅም ምስል ላይ ነው። አቀማመጡ ሲሳሳት ቀኝና ግራ ብቻ ሳይሆኑ ራስና እግርም ይቀያየራሉ። ስለዚህ የእግር ጣቶቹ H፣ ማለትም ራስ፣ በተባለው ጫፍ ይገኛሉ። ይህን ያየ ባለሙያ ቅኝቱን አቁሞ አቀማመጡን ያርማል። ምስሉ ወደ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ከታወቀ ደግሞ መታረም ያለበት የተሳሳተው መረጃ ራሱ ነው። በምስሉ ላይ ሌላ ፊደል መደረብ ችግሩን አይፈታውም፤ የተሳሳተው ቅጂም ከማህደሩ መነሳት አለበት።

ታካሚው በሆዱ ተኝቶ ሳለ በጀርባው ተብሎ ቢመዘገብም ቀኝና ግራ ይቀያየራሉ። ያኛው ግን ቶሎ ይታያል፤ A የተባለው የፊት ወገን ላይ የጀርባ አጥንት ይመጣል።

በአንጎል ምስል ላይ ሌላም ልማድ አለ። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ከእግር በኩል ሲያዩ፣ አንዳንድ የአንጎል ተመራማሪዎች ከላይ ስለሚያዩ ቀኙን በቀኝ ያሳያሉ። ለዚህም ነው በኤም አር አይ ጥናት ላይ አንዳንዶች የቫይታሚን ኢ ዘይት ያለባትን እንክብል በተሳታፊው ቀኝ የጆሮ ግንድ ወይም ጆሮ አካባቢ በፕላስተር የሚለጥፉት። ዘይቱ በምስሉ ላይ ደምቆ ይወጣል። እንደ እርሳሱ ፊደል ሁሉ ይህችም ከሰውየው ጋር የተቀረጸች ምልክት ናት፣ ፋይሉ የቱንም ያህል ቢገላበጥ ቀኙን አትለቅም።