ለሴሚናር የተሰጠን የጆርናል ጽሑፍ ማሳጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጥናቱ ጥያቄ ርዕሱ ላይ አለ።»

ርዕሱ የሚነግረን ጉዳዩን ብቻ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ጥናት እንውሰድ። ርዕሱን አይቶ «የፋብሪካ ሥራንና የግል ሥራን ይመለከታል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ለውይይት የሚሆን ነገር ገና አልያዘም። መግቢያውን ያነበበ ግን በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ ለፋብሪካ ሥራ ያመለከተ ሰው ቅጥሩ ቢቀርብለት፣ ወይም በምትኩ የራሱን ሥራ የሚጀምርበት ገንዘብ ቢሰጠው፣ ከዓመት በኋላ ገቢውና ጤናው እንዴት ይሆናል?

«ስለ ዘዴው ‹መጠይቅና ስታቲስቲክስ ተጠቅመዋል› ማለት ይበቃል።»

ይህ ለማንኛውም ጥናት የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ይጻፍ። በ5 ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ ለአንዱ ቡድን ቅጥር ቀረበለት፣ ሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ዕጣው መጠቀስ አለበት፤ ያለ እሱ ልዩነቱ የሥራው ይሁን የተመረጡት ሰዎች ብርታት መለየት አይቻልም።

«ግኝቱን ከአኅጽሮተ ጥናቱ መገልበጥ ነው።»

ብዙ ማጠቃለያ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ቁጥሩ ይገለበጣል፣ የማን ቁጥር እንደሆነ ግን ይጠፋል። «የፋብሪካ ሥራ ገቢ አይጨምርም» ብሎ መጻፍ ከጥናቱ በላይ መናገር ነው። የተነጻጸሩት ቅጥር የቀረበላቸው እንጂ ሥራው ላይ የቆዩ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ ቅጥር የቀረበላቸው ሰዎች ገቢ ከዓመት በኋላ ምንም ካልቀረበላቸው አልተለየም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጨምሯል። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጧል። የሚበልጠውም ከማነጻጸሪያው ቡድን እንጂ ከራሳቸው የቀድሞ ገቢ አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው በውይይቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ይያዛል።

«ውስንነት ማለት ደራሲዎቹ ራሳቸው ያመኑት ነው፤ ከጠፋም ‹ናሙናው ትንሽ ነው› ይባላል።»

የናሙናው ትንሽነት የስንፍና መልስ ነው። የሚረባው ውስንነት ከግኝቱ የትኛው ክፍል ሊለወጥ እንደሚችል ይጠቁማል። እዚህ የተጠኑት ሥራውን ፈልገው ያመለከቱ ሰዎች ናቸው፤ ማመልከት ስላልፈለጉት የምናውቀው የለም። ሌላው ጊዜው ነው። ተመራማሪዎቹ ከሳይመን ፍራንክሊን ጋር ሆነው ከ5 ዓመት በኋላ ያንኑ ሰዎች ሲጠይቁ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ለሴሚናሩ የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፦ ጭማሪው የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ከሆነ፣ ያ 300 ዶላር ወጪውን ይመልሳል?